አያትየዋ ታውራ እንጂ አታስተምር

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአማርኛ አንድ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ምትኬ ስለምትባል አሜሪካ ስላደገች ልጅ ነው። ነፍሰ ጡር ናት። 28ኛ ሳምንቷ ላይ ክሊኒክ ስትሄድ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ እንደሆነና መርፌ መወጋት እንዳለባት ይነግሯታል። ከደብረ ማርቆስ የመጣችው አያቷ ይህን ስትሰማ ‹ሾተላይ!› ትላለች። ከዚያ ቡና እያፈላች የስሟን ምክንያት ትነግራታለች። ከእሷ በፊት ሦስት ልጆች ሞተዋል፣ አራተኛዋ እሷ ናት፣ በሰማንያ ቀኗ ቄሱ ምትኬ አሏት። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ‹ያምራል፣ ግን ንግግር ይመስላል› አሉኝ። አያትየዋን እንዴት ላስወራት? ሌላው ደግሞ፣ ነገሩ ከቤታችን የተወሰደ ነው። እናቴ ብታነበውስ?»

ብዕሬ የተያዘብኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። ግን አያትየዋ ብዙ ስላወራች አይደለም። የእኛ አያቶች አንዴ ከጀመሩ መች ያቆማሉ? ችግሩ የምታወራው ነገር እሷን ምንም አያስጨንቃትም። ሦስት ልጅ ሞተ፣ አንዷ ተረፈች፣ ስሟ ምትኬ ተባለ። ይህን ማንም ጎረቤት ሊናገረው ይችላል። ለልጅ ልጇ የምትነግራት አያት ሠላሳ ዓመት ያልተናገረችው ነገር ያስፈልጋታል። ለዚያ ደግሞ ሩቅ አትሄጂም። ረቂቅሽ ውስጥ አስቀምጠሽዋል፤ አንዴ ጠርተሽው አለፍሽ እንጂ። ሾተላይ ብለሻል።

እስቲ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ታሪክሽን የሚያቆመውም የሚጥለውም እሱ ነው።

ድሮ ሾተላይ የሚባለው ልጅ አልጸና ያላት ሴት ላይ ነበር። ስትወልድ ይሞትባታል፣ ደግማ ትወልዳለች፣ ደግሞ ይሞትባታል። ታዲያ ሰው ነገሩን የሴቲቱ ያደርገዋል። «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ባልዋ ሌላ እንዲያገባ የሚመክር ዘመድ አይጠፋም። ዛሬ ሐኪሞቻችንም በአማርኛ ሲያስረዱ ይህንኑ ቃል ይጠቀሙበታል። እነሱ ሾተላይ የሚሉት የእናትና የፅንስ የአር ኤች ደም አለመጣጣምን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ሰዓት ከልጁ ደም ጥቂቱ ወደ እናቱ ይገባል። የእናትየው ሰውነት ያንን ደም አያውቀውምና መከላከያ ያበጅለታል። መከላከያው እስኪበጅ ግን ልጁ ተወልዶ፣ ታጥቦ፣ ጡት ይዟል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ጣጣው የሚመጣው በሚቀጥለው ፖዘቲቭ ልጅ ነው። የእናቱ መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ይሰብራቸዋል። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ መሆን ይጀምራል። ደሙ ያንሳል። ከዚያ በኋላ ባለው እርግዝና ነገሩ ሊብስ ይችላል። ሲብስ ፅንሱ ውሃ ቋጥሮ ያብጥና በሆድ ይሞታል።

አሁን ረቂቅሽን ተመልከቺው። ሦስቱ ሞቱ፣ አራተኛዋ ተረፈች ብለሻል። አዋላጅ ነርስ የሆነች አንባቢ እዚህ ላይ ትቆማለች። «የመጀመሪያውስ ለምን ሞተ?» ትላለች። በዚያ ዘመን ሕፃን የሚገድል ነገር ብዙ ነበርና ሊሞት ይችል ነበር። ግን የታሪክሽ መንስኤ ሾተላይ ከሆነ ተራውን አክብሪለት። ለምትኬ ታላቅ ወንድም ስጫት። ጤነኛ፣ ወፍራም፣ አሁን ዳላስ ውስጥ መኪና የሚነዳ ወንድም። ከእሱ በኋላ ሁለት ይሙቱ። አንዱ በሦስተኛ ቀኑ፣ ሌላዋ ገና በሆድ።

አራተኛዋስ ለምን ተረፈች? ረቂቅሽ ለዚህ መልስ የለውም፤ «እግዜር ሰጠን» ብሎ ያልፋል። አባትየው ፖዘቲቭ ቢሆንም ከወላጆቹ የኔጌቲቩንም ዘር ወርሶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በየእርግዝናው ልጁ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው። ኔጌቲቭ የሆነ ፅንስ ላይ የእናቱ መከላከያ የሚያጠቃው ነገር አያገኝም። ምትኬ የተረፈችው የእናቷን ደም ስለያዘች ነው። ክሊኒኩ የሰጣት ወረቀት ላይ ያለችው «ኔጌቲቭ» የምትለዋ ቃል፣ እሷን ያስደነገጠቻት ቃል፣ በሕይወት የመኖሯ ምክንያት ናት።

ይህን አያትየዋ አታውቀውም። ምትኬ ደግሞ ከእሷ በፊት ሁለት እንደሞቱ አታውቅም። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ለመነጋገር ምክንያት አላቸው። አሁን ባለው ረቂቅ አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች። ንግግር የመሰለውም ለዚህ ነው።

መርፌውንም እናስተካክለው። የደም ዓይነቷን በ28ኛው ሳምንት አይነግሯትም። ያ የሚታወቀው ገና በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ነው። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ የሚመጣው አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ነው። በመሃል የልጁን አባት የደም ዓይነት ይጠይቋታል፤ እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ጉዳዩ ያበቃል። ስለዚህ በወረቀቱና በመርፌው መካከል ብዙ ሳምንታት አሉሽ። አያትየዋን በዚያ መሃል ከቦሌ አሳፍሪያት። ልጁ ተወልዶ ፖዘቲቭ ከሆነ እናትየዋ በ72 ሰዓት ውስጥ እንደገና ትወጋለች። የምትወጋው እናትየዋ ናት፣ ልጁ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ አያትየዋም ብታምታታው ደስ ይለኛል።

መርፌው ከ1968 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። የሚጠቅመው ግን የእናትየው ሰውነት መከላከያውን ከማበጀቱ በፊት ከተሰጠ ብቻ ነው። ካበጀ በኋላ መርፌው ምንም አይሠራም። ይህ ለታሪክሽ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የምትኬ እናት መርፌው ያስፈልጋት የነበረው ልጆቿ ሲሞቱ አይደለም። ያኔ ረፍዷል። ያስፈልጋት የነበረው ያ ጤነኛ ወንድ ልጅ በተወለደ ማግስት ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ፣ ሴቶቹ ገንፎ እየበሉ፣ አያትየዋ በደስታ መቀመጥ አቅቷት ስትመላለስ በነበረበት ቀን። ማንም ምንም ክፉ ነገር አላየም፤ የሚታይ ነገርም አልነበረም።

አሁን ወደ ስሙ። ቄሱን ከዚህ አውጪያቸው። ቄስ በሰማንያ ቀን የሚሰጡት የክርስትና ስም ነው። ወለተ ማርያም ይሏታል፣ ወይም ወለተ ሚካኤል። ምትኬ የቤት ስም ነው፤ ከቤት ሰው አፍ የወጣ። ይህ ትንሽ እርማት ይመስላል፤ ታሪኩን የሚከፍትልሽ ግን እሱ ነው። ከቤት ሰው አፍ ከወጣ ከማን አፍ ወጣ? ማን እየሰማ?

የእኛ ስሞች ብዙዎቹ ለአንድ ሰው የተነገሩ ናቸው። ማንአለብሽ የሚል ስም የወጣላት ልጅ አጠገብ የሆነ ሰው ቆሞ ነበር። ይበቃል ያለው አባት ለፈጣሪ እየተናገረ ነበር፣ ወይም ለሚስቱ። ካሳ የሚለውን ስም ሁለት ነገሥታት ይዘውት አድገዋል። ቴዎድሮስም ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ። ስሙ አንድ ነው፤ በየቤቱ ምን ጠፍቶ ምን እንደተካሰ ግን የሚያውቀው ቤቱ ብቻ ነው። አንቺም የምትኬን ሰሚ ፈልጊላት።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። እናትየዋ ሁለቱን ከቀበረች በኋላ ለአራተኛዋ ስም ማውጣት ፈርታለች። ሰማንያ ቀን ሙሉ «ልጅቷ» እያለች ነው የምትጠራት። የክርስትናው ለት ቤቱ በሰው ይሞላል። ሾተላይ ናት እያለች ስታማት የከረመች ጎረቤት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሁላችንም የምንጠይቀውን ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ማን አላችኋት?» አያትየዋ ሳታስብ ትመልስላታለች። ስሙ የተወለደው እዚያው ነው፣ ለአንዲት ሐሜተኛ መልስ ሆኖ። ልጅቷን ለማወደስ የወጣ አይደለም። የሞቱትን ለማስታወስም አይደለም። አያትየዋ የራሷን ልጅ ከሰው አፍ ልታወጣ ብላ ነው። ግን አላማከረቻትም። የልጇን ቁስል ለድግስ ሰው አወጀችባት።

ያቺ ናት የሚያስጨንቃት ነገር። ለልጅ ልጇ ስትነግር የምትናዘዘውም እሷን ነው።

ቡናውን ግን ተዪው። ቡና ጠልቼ አይደለም። አያት ታሪክ ስትናገር ቡና የማይፈላበት የአማርኛ ልብ ወለድ ካገኘሽ ላኪልኝ። ጀበናው ከመጣ አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ምስር ስጫት። ከአሜሪካ ሱቅ የተገዛ ምስር ይህን ያህል ጠጠር የለውም፣ እሷ ግን ትለቅማለች። እጇም ዓይኗም ሥራ ይይዛል፤ የልጅ ልጇን ፊት ሳታይ እንድትናገር ያስችላታል። እናትየዋ ደግሞ ቤት አትኑር። የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት።

ትዕይንቱን ለሙከራ ጽፌዋለሁ። አትቅጂው፤ ማን መቼ ምን እንደሚያውቅ ብቻ ተከታተዪ።

«ስሜን ማን አወጣልኝ?» አለች ምትኬ።

«ቄሱ ያሉሽ ወለተ ማርያም ነው።»

«ምትኬን ነው የምልሽ።»

አያቷ ሰፌዱን ወደ መብራቱ አዞረች። «እኔ ነኝ።»

«እማዬስ?»

«እናትሽማ ዝም አለች። ሰማንያ ቀን ሙሉ ልጅቷ ነበር የምትልሽ። ልጅቷ ጠባች? ልጅቷ ተኛች? ስም አውጥቼላት ብትሄድስ ብላ ነው።»

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«ከወንድምሽ በኋላ ሁለት ነበሩ።» ምስሩን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። «አንዱ በሦስተኛ ቀኑ። ወፍ ነው አሉን። ዓይኑ ሁሉ እርድ መሰለ። አንዷ ሞታ ነው የተወለደች። ክርስትና አልተነሡ፤ ስም የላቸው።»

«እማዬ ነግራኝ አታውቅም።»

«አትነግርሽም። ሾተላይ ተብላ የለ። ሙሽራ ያለበት ቤት አይጠራት፣ አራስ ያለበት ቤት አይጠራት። የክርስትናሽ ለት ግን ድግስ ነውና ሁሉም መጣ። ያቺ ሴትዮም መጣች። ስሟን አልጠራም፣ ሞታለች፣ ነፍስ ይማር። አቀፈችሽና ማን አላችኋት አለች። ፈገግ ብላ ነው ደግሞ። እናትሽ መሬት መሬት አየች። እኔ ምኑን አስቤው! ምትኬ አልኩ። ጮክ ብዬ። ምትኬ ናት! ሴቶቹ እልል አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማታ፣ ሰው ሲሄድ፣ እናትሽ እኔ ምትክ አልጠየቅኩም አለችኝ።» ትንሽ ዝም አለች። «እስከ ዛሬ በስምሽ ጠርታሽ ታውቃለች? ሚሚ ነው የምትልሽ።»

ምትኬ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይኼ ደም፣ የእኔና የእማዬ አንድ ነው። ለዛ ነው ያልሞትኩት። እነሱ የአባዬ ነበራቸው።»

«መርፌው ለዚያ ነው?»

«መርፌው ለእናት ነው። ለእማዬም መሰጠት ነበረበት። ወንድሜ ሲወለድ።»

«ወንድምሽማ ደህና ነበር!»

«ለእሱ አይደለም። ለእሷ። በማግስቱ።»

አያቷ ሰፌዱን አስቀመጠች። «በማግስቱ እኔ ገንፎ ሳገነፋ ነበር» አለች።

ልብ በዪ፣ አያትየዋ «ስምሽ ማለት እንዲህ ማለት ነው» አላለችም። የአማርኛ አንባቢሽ ምትኬ ምን እንደሆነ ያውቃል። ምትኬ ራሷም ታውቃለች። ወይም አውቃለሁ ብላ ታስባለች፦ ትምህርት ቤት ሲጠይቋት እናቷ «ስጦታ ማለት ነው በያቸው» ብላት ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ውሸት ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ብታስገቢ፣ አንባቢ እናትየዋ የሆነ ነገር እንደምትሸሽ ቀድሞ ይጠረጥራል።

ስለ ምትኬ አማርኛ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። ረቂቅሽ ላይ እያንተባተብሽ አስወርተሻታል። አታድርጊ። ውጭ ያደጉ ልጆች አማርኛቸው የቤት አማርኛ ነው። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ፣ ደውዪላት የሚለውን ከእኛ እኩል ይሉታል። የሚያጥራቸው ቤት ውስጥ ያልተወራው ነገር ቃል ነው። ምትኬ «ደም»ን እና «መርፌ»ን ታውቃለች። «ፅንስ»ን አታውቅም፣ «እንግዴ ልጅ»ን አታውቅም፣ ሾተላይን ሰምታም አታውቅም። ስለዚህ ክሊኒክ የነገሯትን ለአያቷ ስታስረዳ በትንንሽ ቃላት ብቻ ትናገራለች። ይህ ላንቺ ዕድል ነው። ከላይ እኔ ብዙ መስመር የፈጀሁበትን ሕክምና እሷ በጥቂት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጨረሰችው። ከዚያ በላይ እንዳታስኬጃት። አያትየዋን ከአስተማሪነት አውርደን ልጅቷን ብናስቀምጥ ያው ንግግር ነው።

ሁለቱን አንድ ነገር ላይ አታስማሚያቸው። አያትየዋ መርፌውን ሰምታም ሾተላይ መንፈስ ነው ከማለት አትመለስ ይሆናል። ምናልባት «መርፌውንም ተወጊ፣ ጠበሉንም ጠጪ» ትላለች። የማውቃቸው አያቶች እንደዚያ ናቸው፤ ሁለቱንም ይይዛሉ፣ አንዱን ለመጣል አይቸኩሉም። ምትኬም ወረቀቱን ስላወጣች አሸናፊ አትሁን። እሷ ያመጣችው እውቀት አያቷን አላሳረፋትም፤ ሌላ ጸጸት ነው የጨመረላት። እስከዚያ ቀን ድረስ አያትየዋ የምትጸጸተው በክርስትናው ለት ብቻ ነበር። አሁን በገንፎውም ቀን ሆነ። ምትኬ ይህን ስታይ ምን ታደርጋለች? ታሪክሽ ከዚህ በኋላ የሚሄድበት እዚያ ነው። እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሕፃኗን በአያቷ ስም አትጥሪያት። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው።

መጨረሻ ላይ እናትየዋ ከሌሊት ፈረቃ መምጣቷ አይቀርም። በር ስትከፍት ልጇን ሚሚ ብላ ትጠራታለች እንጂ ምትኬ አትላትም። ያን ጊዜ አንባቢ ስሙን ለምን እንደማትጠራ ያውቃል፣ እሷ ግን ማወቁን አታውቅም። እዚያ ላይ እንድታለቅስ፣ እንድትተቃቀፍ፣ በስሟ እንድትጠራት ትፈተኛለሽ። ሠላሳ ዓመት ዝም ያለች ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ ያንን አታደርግም።

አሁን ወደ እናትሽ ጥያቄ፣ ማለቴ ወደ እውነተኛዋ እናትሽ። ነገሩ ከቤታችሁ የተወሰደ ከሆነ የሞቱት ልጆች የእሷ ናቸው። አንቺ የምትጽፊው የአያትሽን ታሪክ ይመስልሻል። እናትሽ ግን ስታነበው የምታገኘው የራሷን ነው፤ ያውም እንደገና፣ እንደገና ሳትጠየቅ በሰው ፊት። ልብ ወለድሽ ውስጥ አያትየዋ የሠራችውን ስህተት አንቺ በወረቀት ልትደግሚው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከማውጣትሽ በፊት አንብቢላት። ስጪያት አላልኩም፣ አንብቢላት። ብቻዋን ማንበብ ከባድ ነው። አንቺ ስታነቢ «እዚህ ጋ እንዲህ አልነበረም» ማለት ትችላለች። እንዲህ የሚሉ እናቶች ብዙ ጊዜ ከፈቀዱት በላይ ይናገራሉ፤ ግን ለዚያ ብለሽ አታድርጊው።

ደብረ ማርቆስን ደሴ ብታደርጊው፣ ወንድሙን እህት ብታደርጊው ለእንግዳ አንባቢ ይጠቅም ይሆናል። ለእናትሽ ምንም አይቀይርላትም። አንድ ነገር ብቻ ልትጠይቂያት ትችያለሽ፦ ስም የማውጣቱን ነገር ለእሷ ቢተዉላት ኖሮ ልጅቷን ማን ልትላት ነበር? መልስ ከሰጠችሽ ታሪኩ ውስጥ ማስገባትሽን ራሷ ትወስን።

እንቢ ካለችሽ ለጊዜው አስቀምጪው። በብዕር ስም አወጣዋለሁ ብለሽም አትሞኚ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሾተላይ፣ ደብረ ማርቆስና የሌሊት ፈረቃ አንድ ላይ የተጻፈበት ታሪክ ከወጣ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።